«ልኬያለሁ እኮ!» ሲባል፦ የቴሌብር ስክሪንሾትን ከባንክ ሂሳብ ጋር የማስታረቅ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ የሚነግድ ሰው በቀን ብዙ ስክሪንሾት ይደርሰዋል። ገዢው ሐረር ሆኖ ያዛል፣ ዕቃው በሚኒባስ ይላካል፣ ክፍያው በስልክ ይመጣል። ማረጋገጫው ደግሞ በቴሌግራም የተላከ ምስል ነው። ብዙ ሰው ምስሉ ላይ የሚያየው ትልቁን ቁጥርና አረንጓዴውን ምልክት ብቻ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው ሌሎቹ ቁጥሮች ሳይነበቡ ሲቀሩ ነው።

የማተኩረው በአንድ ዓይነት ክፍያ ላይ ነው። ገዢው ከቴሌብር ሂሳቡ ወደ ሻጩ የንግድ ባንክ ሂሳብ የላከውን ክፍያ እንመለከታለን። ይህን የመረጥኩት ከሁሉም በላይ ግራ የሚያጋባው እሱ ስለሆነ ነው። አንዱ ክፍያ በሁለት ተቋም መዝገብ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለት መለያ ቁጥር፣ ሁለት መልእክትና አንዳንዴም ሁለት የተለያየ የብር መጠን ይኖረዋል። ይህን ማንበብ የቻለ ሰው ከቴሌብር ወደ ቴሌብር የተላከውን ለማንበብ አይቸገርም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይያዝ። ስክሪንሾት በራሱ ገንዘብ መግባቱን አያረጋግጥም። የሚጠቅመው የራሳችሁን ሂሳብ ስትከፍቱ የትኛውን መስመር መፈለግ እንዳለባችሁ ስለሚነግራችሁ ነው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ ምስሉ ላይ ያለውን ቁጥር እናንተ ዘንድ ካለው መዝገብ ጋር ማገናኘት ነው።

ጉዳዩ

ሴትየዋ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ጨርቅ ትሸጣለች እንበል። ደንበኛዋ ሐረር መኪና ግርግር ላይ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። የ18,400 ብር ጨርቅ አዘዘ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተቆርጦ ግርጌው ብቻ የቀረ የደረሰኝ ምስል ላከላት። ምስሉ ላይ «ጠቅላላ የተከፈለ 18,400.00» ይላል። እሷ ስልክ ላይ ከባንክ የገባው መልእክት ግን 18,380 ብር ነው የሚለው።

«ሃያ ብር ይጎድላል» አለችው።

«አቦ፣ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ልኬያለሁ እኮ! ምስሉን እይው እንጂ እህቴ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የአገልግሎት ክፍያው ተመን እንደ መጠኑና እንደ ጊዜው ስለሚለያይ ከእኔ ምሳሌ ላይ አትውሰዱት። ሁልጊዜ የራሳችሁን ደረሰኝ አንብቡ።

መጀመሪያ የትኛውን ምስል እንደያዛችሁ እወቁ

ከቴሌብር የሚመጣ ስክሪንሾት አንድ ዓይነት አይደለም። ገዢው እንደላከ አፑ ላይ የሚመጣው «ተሳክቷል» የሚለው ገጽ አለ። የአጭር መልእክቱ ፎቶ አለ። ከዚያ ደግሞ በመልእክቱ ውስጥ ያለው ሊንክ ሲነካ የሚከፈተው ሙሉ ደረሰኝ አለ።

የአፑ ገጽ ለፍጥነት የተሠራ ነው። ትልቅ ቁጥር፣ ሰዓትና የትራንዛክሽን ቁጥር ይሰጣችኋል። የአገልግሎት ክፍያውንና ቫቱን ለይቶ እንዲነግራችሁ ግን አትጠብቁ። ሂሳብ ለማስታረቅ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። አጭር መልእክቱና ሙሉ ደረሰኙ ግን የተላከውን፣ ኮሚሽኑንና ቫቱን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ልዩነት ካለ ከገዢው ጋር ከመከራከር በፊት «ሙሉውን መልእክት ፎርዋርድ አድርግልኝ» በሉት። ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን ራሱን። ለምን ጽሑፉን እንዳልኩ ወደ ታች ስንወርድ ይገባችኋል።

ገዢው ቀሪ ሂሳቡን ቢሸፍን አትቆጡ። በመልእክቱ መጨረሻ ላይ የኪሱ ልክ ተጽፎ ይመጣል፤ መደበቅ መብቱ ነው። ለእናንተ ሥራም አያስፈልግም። የደረሰውን ምስልም በግሩፕ ላይ አትበትኑት።

ልብስ ሰፊው ያስተላለፈው መልእክት እንዲህ ያለ ነው። አነጋገሩ አንዳንዴ ይለዋወጣል፣ የሚይዛቸው ነገሮች ግን እነዚህ ናቸው። በ`x` የሸፈንኩት፣ የደረሰኙን ሊንክም ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

```
You have transferred ETB 18,380.00 successfully
from your telebirr account 2519xxxxxxxx
to Commercial Bank of Ethiopia account number
1000xxxxx4471 on 13/05/2025 14:22:10.
Your telebirr transaction number is CED7xxxxO0
and your bank transaction number is FT25133xxxxx.
The service fee is ETB 17.39 and 15% VAT on the
service fee is ETB 2.61. Your current balance is
ETB 2,750.40.
```

ቋንቋው ባይገባችሁም ቁጥሮቹን መለየት

ቴሌብር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ይሠራል። ድሬና ሐረር ላይ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከጅግጅጋ መንገድ የሚመጣው ደንበኛ በሶማሊኛ፣ ከአወዳይ የሚልከው በኦሮምኛ ሊሆን ይችላል። ችግር የለም። ቁጥሮቹን በመልካቸው መለየት ይቻላል።

በ`FT` የሚጀምረው የንግድ ባንክ መለያ ነው። አሥር ቦታ ያለው፣ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት ደግሞ የቴሌብር የትራንዛክሽን ቁጥር ነው። በ`251` የሚጀምረው ስልክ ነው። በ`1000` የሚጀምረው አሥራ ሦስት አኃዝ ያለው የንግድ ባንክ ሂሳብ ነው። ነጥብና ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ያላቸው የብር መጠኖች ናቸው።

ከብር መጠኖቹ መካከል ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ትልቁን በ0.15 አባዙት። ውጤቱ ትንሹን ከሰጣችሁ ትልቁ የአገልግሎት ክፍያ፣ ትንሹ ቫት ነው። በእኛ ጉዳይ 17.39 ሲባዛ በ0.15 ወደ 2.61 ይመጣል። ገጥሟል። የአንድ ሳንቲም ልዩነት ቢመጣ የማጠጋጋት ጉዳይ ስለሆነ እለፉት። ከዚያ በላይ ካልገጠመ ግን ቁጥሩን በስህተት አንብባችኋል፣ ወይም ምስሉ ተነካክቷል። የሐሰት ምስል የሚሠራ ሰው ዋናውን መጠን ብቻ ቀይሮ እነዚህን ትንንሾቹን እንዳሉ ሊተዋቸው ስለሚችል፣ መግጠማቸው ብቻውን ምስሉ እንዳልተነካ አያረጋግጥም።

ሦስቱን የብር መጠኖች መለየት

የእኛ ነጋዴና ልብስ ሰፊው የተጣሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ክፍያ ውስጥ ሦስት መጠን አለ። ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው፣ አስተላላፊው የሚወስደው እና ከላኪው ኪስ የሚወጣው ድምር።

በቴሌብር ሙሉ ደረሰኝ ላይ እነዚህ በአማርኛ ተጽፈዋል። «የተከፈለው መጠን» የሚለው ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ነው። ቀጥሎ «የአገልግሎት ክፍያ» አለ። ከሱ ሥር የአገልግሎት ክፍያው ተ.እ.ታ አለ። ግርጌ ላይ «ጠቅላላ የተከፈለ» ይመጣል። እሱ የሦስቱ ድምር ነው።

```
18,380.00 + 17.39 + 2.61 = 18,400.00
```

ነገሩ ተገለጠ። ልብስ ሰፊው ከመላኩ በፊት ኮሚሽኑን አይቶ ድምሩ 18,400 እንዲመጣ 18,380 ጻፈ። ከዚያ ግርጌውን ብቻ ቆርጦ ላከ። ከኪሱ 18,400 ወጥቷል፣ ይህ እውነት ነው። እሷ ጋ የደረሰው 18,380 ነው፣ ይህም እውነት ነው። የተሰወረ ሃያ ብር የለም። የቀረው ጥያቄ ኮሚሽኑን ማን ይችላል የሚለው ብቻ ነው። እሱ የስምምነት ጉዳይ ነው። እኔ ከተጠየቅሁ ዋጋ ሲነገር አብሮ ይነገር እላለሁ። «18,400 እኔ ጋ እንዲደርስ» ማለት ይበቃል።

የኮሚሽኑን ድምር ብቻ ካወቃችሁና መከፋፈል ካስፈለጋችሁ በ1.15 አካፍሉት። ሃያ ሲካፈል በ1.15 ወደ 17.39 ይመጣል። የቀረው 2.61 ቫት ነው። የቫት ተመዝጋቢ የሆኑ ነጋዴዎች ይህን ለይተው መያዝ አለባቸው፤ ኮሚሽኑና ቫቱ በወጪ መዝገብ ላይ አንድ ቦታ አይገቡም። የከፈለው ግን ገዢው ከሆነ ወጪው የእሱ ነው። ሻጯ 18,380 ገቢ ብቻ ነው የምትጽፈው፤ ሃያ ብሩን እንደ ራሷ የባንክ ወጪ ካስገባችው መዝገቧ ይበላሻል። እሷ ኮሚሽኑን ለመቻል ተስማምታ ከሆነ ግን ሽያጩን 18,400 ብላ ሃያውን ለይታ በራሷ ላይ ትይዘዋለች።

ልዩነቱ ራሱ ይናገራል

ከደረሰኙ ላይ ያለው ከሂሳባችሁ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ወዲያው ወደ ጥርጣሬ አትሂዱ። መጀመሪያ የልዩነቱን መጠን እዩት።

ልዩነቱ ልክ የኮሚሽኑንና የቫቱን ድምር ካከለ ነገሩ እንደ ላይኛው ነው። ልዩነቱ ልክ ሌላ ሽያጭ የተከፈለበትን መጠን ካከለ አንዱን ክፍያ ሁለቴ ጽፋችኋል ወይም ዘላችሁታል። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ደግሞ ሁለት አኃዝ አቀያይራችሁ ጽፋችሁ ይሆናል። ለምሳሌ 18,380ን 18,830 ብሎ የጻፈ ሰው 450 ይጎድለዋል። 450 ለ9 ሲካፈል 50 ነው። ይህ ዘዴ የቆየ የሒሳብ ሠራተኞች ዘዴ ነው፣ ብዙ ሰዓት ያድናል። ይሁንና ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሁሉ የአኃዝ መቀያየር አይደለም። ጠቋሚ ነው፣ ከዚያ ቁጥሩን ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለቱን መለያ ቁጥሮች ማንበብ

አሁን ወደ መለያ ቁጥሮቹ እንምጣ። በመልእክቱ ላይ ሁለት አሉ። `CED7xxxxO0` የቴሌብር ነው። `FT25133xxxxx` የባንኩ ነው። ብዙ ሰው አንደኛውን ብቻ ጽፎ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም የቴሌብሩን። ከዚያ ወር መጨረሻ ላይ የባንክ ስቴትመንቱን ይዞ ይቀመጣል። ስቴትመንቱ ላይ ያለው መለያ `FT` ስለሆነ አንዱንም ከአንዱ ማገናኘት ያቅተዋል።

ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ። ባንክ ስትሄዱ የሚያገለግላችሁ `FT` ነው። ቴሌብርን ስትጠይቁ የሚያገለግለው ሌላው ነው። ለባንክ ሠራተኛ የቴሌብር ቁጥር ይዞ መቅረብ መስኮት ለመስኮት መመላለስን ያመጣል።

የ`FT` ቁጥር ውስጥ ቀን ተደብቋል። ከ`FT` ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጁ ዓመት መጨረሻ ናቸው። ከዚያ ያሉት ሦስቱ ከጥር ወር መጀመሪያ፣ በፈረንጁ ማለት ነው፣ የተቆጠረ የቀን ተራ ቁጥር ናቸው። የቀሩት አምስቱ ልዩ መለያው ናቸው። ስለዚህ `FT25133` ማለት የ2025 133ኛው ቀን ነው። እንቁጠር። ጃንዋሪ 31፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ማርች 31፣ ኤፕሪል 30፣ ድምሩ 120። 13 ሲጨመር 133። ሜይ 13 ነው። መልእክቱም 13/05/2025 ይላል። ገጥሟል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንድ ሰው የባለፈውን ወር ደረሰኝ ቀኑን ቀይሮ ቢልክላችሁ `FT`ውን መቀየር ሊረሳ ይችላል። በተጻፈው ቀንና በ`FT` ውስጥ ባለው ቀን መካከል የሳምንታት ልዩነት ካያችሁ ዕቃውን አትልቀቁ። የአንድ ቀን ልዩነት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እኩለ ሌሊት አካባቢ የተላከ ክፍያ በባንኩ መዝገብ ላይ በሌላ ቀን ሊያርፍ ይችላል። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ፌብሩዋሪ 29 እንደሚሆን አትርሱ፤ በዚያ ዓመት ከማርች ጀምሮ አንድ ይጨመራል።

የቴሌብሩን ቁጥር በተመለከተ ትልቁ ችግር `O` ፊደልና `0` ዜሮ ናቸው። ሁለቱም እዚያው ቁጥር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። `I`ና `1`ም እንዲሁ። ከደበዘዘ ምስል ላይ እያያችሁ ብትጽፉ አንዱን መሳታችሁ አይቀርም፣ ፍለጋውም «አልተገኘም» ይላችኋል። ጽሑፉን ፎርዋርድ አስደርጉ ያልኩት ለዚህ ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ትለጥፉታላችሁ፣ ስህተት የለም። ምስል ብቻ ካላችሁ ደግሞ ሳይገኝ ሲቀር ሰውየውን ሌባ ከማለታችሁ በፊት `O`ውን በ`0` ቀይራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

ከዚያ ይህንን አድራሻ ራሳችሁ በብራውዘር ጻፉና ቁጥሩን መጨረሻው ላይ ለጥፉ።

```
https://transactioninfo.ethiotelecom.et/receipt/
```

ደረሰኙ ከተከፈተ ከምስሉ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። የተላከላችሁን ሊንክ እንዳለ አትንኩ። ሊንኩ ከላይ ካለው አድራሻ በአንዲት ፊደል የሚለይ ከሆነ ሌላ ገጽ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ገጽ ደግሞ የፈለገውን ደረሰኝ አስመስሎ ያሳያችኋል።

ደረሰኙ ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። «የገንዘብ ተቀባይ ስም» በሚለው ላይ የእናንተ ስም አይኖርም፣ የባንኩ ስም ነው የሚኖረው። ይህ ስህተት አይደለም። ቴሌብር ገንዘቡን ያስረከበው ለባንኩ ነው። የእናንተን ሂሳብና ስም የምታገኙት የባንክ አካውንት ቁጥር በሚለው መስመር ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች እዚያ አረጋግጡ። የሂሳብ ቁጥሩ የሌላ ሰው ከሆነ ክፍያው እውነተኛ ነው፣ ግን ወደ እናንተ አልመጣም።

«የክፍያው ሁኔታ» የሚለውንም ሳታዩ አትለፉ። `Completed` ማለት በቴሌብር በኩል አልቋል ማለት ነው። በእናንተ ሂሳብ ላይ አርፏል ማለት ግን አይደለም፤ እሱን የሚነግራችሁ ባንካችሁ ብቻ ነው።

ሰዓትና ቀን

14:22 በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 8:22 ነው። ስድስት ቀንሱ፤ የወጣው 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አሥራ ሁለት ደግማችሁ ቀንሱ፣ 0 ከሆነ ደግሞ 12 በሉት። ቁጥሩ ከ6 በታች ከሆነ ስድስት ጨምሩ፤ 01:15 ሌሊት 7:15 ይሆናል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ስልኩ ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ደግሞ እስኪነጋ ድረስ በዚያው ቀን እንቆያለን። ገዢው «ማክሰኞ ማታ ላክሁ» ቢላችሁና ምስሉ ላይ 14/05/2025 00:40 ብታዩ ረቡዕ ነው ብላችሁ አትሟገቱት። ለእሱ የማክሰኞ ሌሊት 6:40 ነው።

13/05/2025 ብሎ የሚጽፈው ቀንን አስቀድሞ ነው። በእኛ ግንቦት 5 ቀን 2017 ነው። 13ኛ ወር በፈረንጅ ስለሌለ እዚህ አያሳስትም። 05/06/2025 ቢሆን ግን ጁን 5 ነው ወይስ ሜይ 6? በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የ`FT`ውን ሦስት አኃዝ እዩ። 156 ከሆነ ጁን 5፣ 126 ከሆነ ሜይ 6።

የራሳችሁን መልእክት ሰንሰለት መፈተሽ

እስካሁን የገዢውን ወገን አየን። የመጨረሻው ፍርድ ያለው በእናንተ ወገን ነው። ከባንክ የሚመጣው የገቢ መልእክት የገባውን መጠን፣ `FT`ውንና ቀሪ ሂሳባችሁን ይይዛል። መጀመሪያ `FT`ው ከገዢው መልእክት ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ከዚያ ቀሪ ሂሳቡን ከቀደመው መልእክት ጋር አገናኙት።

ነጋዴዋ በዚያው ቀን ጠዋት በደረሳት የባንክ መልእክት ላይ ቀሪዋ 42,615.30 ነበር። የልብስ ሰፊው ሲገባ 60,995.30 መሆን ነበረበት። መልእክቱ ላይ ያለው ግን 57,195.30 ነው። 3,800 ብር ጎድሏል። ወዲያው የልብስ ሰፊውን ክፍያ መጠርጠር ቀላል ነው። ግን የእሱ መልእክት ራሱ 18,380 ገብቷል ይላል፣ `FT`ውም ይገጥማል። ስለዚህ ጉድለቱ ከሁለቱ መልእክቶች መካከል ነው፤ በመሃል የወጣ፣ መልእክቱ ያልታየ ወይም የተሰረዘ ክፍያ አለ። በባንኩ አፕ ላይ የዕለቱን ዝርዝር ከፈተች። ቀትር ላይ ለሱቁ ዕቃ አቅራቢ በሞባይል ባንኪንግ የላከችው 3,800 ተገኘ።

የዚህ ዘዴ ጥሩነቱ እያንዳንዱን መልእክት ከጎረቤቱ ጋር ስለሚያስተሳስር ነው። የቀደመው ቀሪ፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው ከነኮሚሽኑ፣ የአሁኑን ቀሪ መስጠት አለበት። ካልሰጠ በመሃል የጠፋ አለ። የጠፋውን መጠን ስለምታውቁት ዝርዝሩ ውስጥ ለመፈለግ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን በየማታው ሱቅ ስትዘጉ ሥሩት። ወር ሙሉ ከተጠራቀመ ግን አንዱ ጉድለት በሌላው ላይ ይደራረብና መለየት ያስቸግራል።

ያው ምስል ሁለቴ ሲመጣ

በጣም የተለመደው ማታለል የተሠራ ሐሰተኛ ምስል ላይሆን ይችላል። እውነተኛ ደረሰኝ ሁለቴ ማሳየት ነው። ጠዋት ለሱቁ ባለቤት የታየው ምስል ከሰዓት በኋላ ለሱቅ ጠባቂው ልጅ ይታያል። ሊንኩም ይከፍታል፣ ቁጥሩም ይገጥማል፣ ሁሉም እውነት ነው። የሚይዘው መዝገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመውጣቱ በፊት የመለያ ቁጥሩ የመጨረሻ አራት ፊደላት ደብተሩ ውስጥ ይፈለጉ። ካሉና ሙሉ ቁጥሩም ከገጠመ በዚያ ደረሰኝ ቀድሞ ዕቃ ወጥቷል። ሁለት ሰው የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ሁለት ደብተር መያዝ ይህን በር ይከፍታል፤ አንድ ደብተር ወይም ሁለቱም የሚያዩት አንድ የቴሌግራም ቻናል ይሁን።

ለእኛ ጉዳይ የደብተሩ መስመር እንዲህ ይሆናል።

```
05/09/2017 (13/05/2025) 8:22
ዕዳ 18,400.00 | የገባ 18,380.00 | ልዩነት 20.00 = ኮሚሽን
ቴሌብር CED7xxxxO0 | ባንክ FT25133xxxxx
```

ልዩነት በሚለው ጎን ምክንያቱ መጻፉን ልብ በሉ። ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ልዩነት ከሁለት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ከኪስ ወጥቶ ካልገባ

አንዳንዴ ሁሉም ትክክል ሆኖ ገንዘቡ እናንተ ጋ አይኖርም። መልእክቱ ላይ የቴሌብር ቁጥር አለ፣ የባንክ `FT` ግን የለም። ወይም `FT` አለ፣ በእናንተ ዝርዝር ውስጥ ግን አይታይም። የመጀመሪያው ገንዘቡ ከቴሌብር ወጥቶ ባንኩ ዘንድ ገና እንዳላረፈ ያመለክታል። እንዲህ ሲሆን ገዢው እንደገና እንዳይልክ ንገሩት። ተጨንቆ ደግሞ የላከ ሰው ኋላ ሁለቱም ሲገቡ የሚመለስለትን ለማስላት ሌላ ራስ ምታት ያተርፋል። ገንዘቡ ወደ ላኪው ከተመለሰ ደግሞ መመለሱ በቴሌብር ታሪኩ ላይ በራሱ መስመር ይመጣል፤ የመጀመሪያው ደረሰኝ ምስል ግን በእጁ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የትናንት ምስል ዛሬም ያው ነው ብላችሁ አትመኑ።

ማን ይደውል? ገንዘቡ ከማን ሂሳብ ወጣ የሚለው ይወስነዋል። `FT` ከሌለ ልብስ ሰፊው ራሱ ገንዘቡን በላከበት ስልክ ወደ 127 ይደውል። የሚያስፈልገው የቴሌብር ቁጥሩ፣ መጠኑና ሰዓቱ ነው። `FT` ካለ ሻጯ ወደ ንግድ ባንክ 951 ትደውላለች፣ ወይም ቅርንጫፍ ትሄዳለች፤ `FT`ውንና የሂሳብ ቁጥሯን ይዛ። በየትኛውም በኩል የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ስልኩ ይዘጋ። የጠፋ ክፍያ ለመፈለግ የትራንዛክሽን ቁጥሩ ይበቃል።